የጋለሪ ፎቶዎችን አንድ መልክ ማስያዝ፦ በተገዛ ፕሪሴት፣ በካሜራው፣ በጥቁርና ነጭ ወይስ በራስ ፕሪሴት?

በግል ጋለሪ ላይ የተሰቀሉ ፎቶዎች ለየብቻ ሲታዩ ያማሩ ሆነው ሳለ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተለያዩ ሰዎች ያነሷቸው የሚመስሉበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አይወጣም። የመጀመሪያው የነጭ ሚዛን ሲሆን፣ በአንዱ ፎቶ ላይ ነጭ የነበረው ልብስ በሌላው ቢጫ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው የጥቁሩ ጥልቀት ነው፤ አንዱ ፎቶ ላይ ጥላው ድፍን ጥቁር ሆኖ ሌላው ላይ ግራጫ ከሆነ፣ ቀለማቸው ቢመሳሰል እንኳ ዓይን አንድ ላይ አይቀበላቸውም። ሦስተኛው አንድ የተለመደ ቀለም፣ በተለይም የሰው ቆዳና የቅጠል አረንጓዴ፣ ከፎቶ ፎቶ መለዋወጡ ነው። እነዚህን ሦስቱን ያስተካከለ ሰው ስለ ክፈፍ፣ ስለ አቀራረብና ስለ ርዕሰ ጉዳይ ልዩነት እምብዛም ሊጨነቅ አይገባውም፤ ርዕሰ ጉዳዩ ቢለያይም ጋለሪው አንድ ሆኖ ይታያልና።

ወደዚህ ውጤት የሚያደርሱ አራት መንገዶች አሉ። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ፕሪሴት፣ ማለትም አስቀድሞ የተቀመጠ የማስተካከያ ስብስብ፣ ወይም ፊልተር መጠቀም ይቻላል፤ ወጥነቱን ገና ሲያነሱ በካሜራው መያዝ ይቻላል፤ ሁሉንም ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ይቻላል፤ ወይም ከራስ ፎቶዎች ተነስቶ የራስን ፕሪሴት መሥራት ይቻላል። አራቱም ወጥነትን ያስገኛሉ። የሚለያዩት ወጥነቱ የማን ምርጫ ነው በሚለውና በአስቸጋሪ ብርሃን ውስጥ ምን ያህል ይጸናል በሚለው ነው።

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈሯን ኑሮ የምታነሳ አንዲት ፎቶ አንሺ እናስብ፤ ጋለሪዋ ውስጥ ጎን ለጎን ሊቀመጡ የሚገባቸውን ሦስት ፎቶዎችም እንያዝ። የመጀመሪያው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በሰማያዊ ሸራ ሥር ጀበና ቡና የምታፈላ፣ ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ናት። ሁለተኛው በምሽት የተነሳ የሱቅ ፎቶ ሲሆን፣ ከጣሪያው ላይ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል፣ ከመደርደሪያው አጠገብ ደግሞ አሮጌ ቢጫ አምፖል በርቷል። ሦስተኛው መስከረም 16 ከሰዓት በኋላ፣ ደመራው ከመለኮሱ በፊት፣ በአደይ አበባ መካከል የቆሙ ልጆች ናቸው። እያንዳንዱ መንገድ በእነዚህ ሦስት ፎቶዎች ይፈተናል።

የተገዛ ወይም በነጻ የተገኘ ፕሪሴት

ፕሪሴት የቁጥሮች ስብስብ ነው። ሠሪው በራሱ ፎቶ ላይ የብርሃኑን ኩርባ፣ የቀለማቱንና የጥላውን ማስተካከያዎች በአንድ ቦታ አቁሞ ያስቀመጣቸው ቁጥሮች ሳይለወጡ ወደ እርስዎ ፎቶ ይገለበጣሉ። ፕሪሴቱ ፎቶዎን አያየውም። በውስጡ የነጭ ሚዛን ቁጥር ካለ፣ ለምሳሌ የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን 5900 ከተባለ፣ በሸራው ሥር የተነሳችውንም ሴት፣ በአምፖል የበራውንም ሱቅ እኩል 5900 ያደርጋቸዋል፤ በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው ፎቶ ሰማያዊ ሆኖ ሲቀር ሁለተኛው ከልክ በላይ ይቢጫል። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠት አንድ ዓይነት መልክ መስጠት አይደለም፤ ብርሃናቸው የተለያየ ፎቶዎች አንድ መልክ እንዲይዙ የሚያስፈልጓቸው ቁጥሮች የተለያዩ ናቸው።

የመንገዱ ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። በየወቅቱ የሚስፋፉት ፕሪሴቶች የሚታወቁበት መልክ ሁልጊዜ ለአካባቢያችን ብርሃንና ለቆዳችን ቀለም የሚመች አይደለም። ለረጅም ጊዜ ተወዳጅ ሆኖ የቆየውን የብርቱካንና የሰማያዊ አረንጓዴ ቅንብር እንውሰድ። ይህ ቅንብር ደማቁን ክፍል ወደ ብርቱካን፣ ጥላውን ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይገፋል። በጠይም ፊት ላይ ሲያርፍ ግንባርና ጉንጭ የሸክላ ቀለም ይይዛሉ፤ በአገጭና በአንገት ሥር ያለው ጥላ ደግሞ በሽተኛ የሚያስመስል አረንጓዴ ይሆናል። ጥቁሩን ወደ ግራጫ ከፍ የሚያደርገው የደበዘዘ መልክም እንዲሁ ነው፤ ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ ጥልቀቱን የሚያገኘው ከጥላው በመሆኑ፣ ጥላው ሲነሳ ፊቱ አመድማ ይሆናል። አረንጓዴን አደብዝዞ ወደ ቡና ዓይነት የሚወስደው ሌላው መልክ ደግሞ የመስከረምን ሜዳ የግንቦት ሜዳ ያስመስለዋል፤ ቢጫውን ወደ ብርቱካን ሲስበው አደይ አበባው አደይ መሆኑ ይቀራል። ሦስተኛው ፎቶ በአንድ ጊዜ ርዕሱንም ወቅቱንም አጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የፎቶግራፍ ታሪክ አንድ ነገር ያስታውሰናል። የቀለም ፊልም ማጠቢያ ቤቶች ለአሥርት ዓመታት የኅትመታቸውን ሚዛን የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልክላቸው የማመሳከሪያ ካርድ ነበር፤ በካርዱ ላይ የነበሩት ሴቶች ደግሞ ቆዳቸው ነጭ ነበር። ስለዚህ አንድ ፕሪሴት ከመገዛቱ በፊት ሻጩ ያሳያቸውን ናሙናዎች ማየትና ጠይም ወይም ጥቁር ፊት በጥላ ውስጥ የተነሳበት አንድ እንኳ መኖሩን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ከሌለ፣ ቁጥሮቹ በእንዲህ ያለ ቆዳ ላይ ስለመፈተናቸው ማስረጃ የለም።

ይህ ሁሉ ሲባል የተገዛ ፕሪሴት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ከመጠቀም ይልቅ ለማንበብ ይጠቅማል። ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ከፍተው ኩርባው እንዴት እንደታጠፈ፣ የትኛው ቀለም ወደ የት እንደተገፋ ማየት፣ ከዚያም አንዱን ማስተካከያ እያጠፉ ልዩነቱን መመልከት፣ ብዙ ገለጻ የማያስተምረውን ያስተምራል።

ወጥነቱን በካሜራው መያዝ

ሁለተኛው መንገድ ሶፍትዌር እምብዛም አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሥነ ሥርዓት ነው። ዋናው እርምጃ አውቶማቲክ የነጭ ሚዛንን መተው ነው። አውቶማቲኩ በክፈፉ ውስጥ ያለውን ቀለም እያየ ይገምታል፤ ሰማያዊው ሸራ ክፈፉን ሲሞላው ቢጫ ይጨምራል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደው ግድግዳ ሲገባ ደግሞ ሐሳቡን ይለውጣል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች የማይመሳሰሉት ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሚዛኑን በቀን ብርሃን ላይ፣ ማለትም ከ5200 እስከ 5500 ኬልቪን ባለው ውስጥ በአንድ ቁጥር ላይ አቁሞ መተው ግን ብርሃኑ ራሱ እንዲናገር ያደርጋል፤ ጥላ በመጠኑ ሰማያዊ፣ ምሽት በመጠኑ ቢጫ ይሆናል፣ ልዩነቱም ተመልካቹ በዕለት ኑሮው የሚያውቀው ልዩነት ስለሆነ እንደ ስሕተት አይቆጠርም።

ሁለተኛው እርምጃ አንድ ሌንስ መምረጥ ነው። በስልክ ለሚያነሳ ሰው ይህ ዋናውን ካሜራ ብቻ መጠቀም ማለት ነው፤ ሰፊው ሌንስ ከጀርባው የተለየና ብዙውን ጊዜ ያነሰ ሴንሰር ስላለው ቀለሙም ጥራቱም ከዋናው ይለያል፣ ከዳር ያሉትንም ፊቶች ይለጥጣል። ሦስተኛው ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆንና የዓይን ጉድጓድ ጥቁር ጥላ ይሞላዋል፤ ወደ ማታም ፀሐይ ወደ አድማስ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ለስላሳው ዝቅተኛ ብርሃን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ያልፋል። ስቶክሆልም የሚኖር ሰው በበጋ ለሰዓታት የሚያገኘውን ብርሃን እዚህ ያለው ሰው ተቻኩሎ ይሻማል። በሁለቱም አገሮች የተነሱ ፎቶዎችን በአንድ ጋለሪ የሚያስቀምጥ የዲያስፖራ ፎቶ አንሺ በየትኛውም ማስተካከያ ይህን የጥላ ርዝመት ልዩነት ማጥፋት አይችልም፤ ማድረግ የሚችለው ከአዲስ አበባው ጉዞ የማለዳውንና የወደ ማታውን መርጦ መስቀል ነው።

በሦስቱ ፎቶዎቻችን ላይ ስንፈትነው ይህ መንገድ በአደይ አበባው ፎቶ ያለ አንዳች ጭማሪ ያሸንፋል። በሱቁ ፎቶ ደግሞ ግማሽ ያህል ይሳካል፤ በቢጫው አምፖል የበራው ክፍል በ5300 ኬልቪን ደማቅ ብርቱካን ይሆናል፣ ምሽት መሆኑን ግን ይናገራል። የሚሸነፈው በሸራው ሥር ነው። በሸራ ውስጥ ያለፈ ብርሃን የጥላ ብርሃን አይደለም፣ የቀለም ብርሃን ነው፤ ፊቷም ነጠላዋም ሰማያዊ ይሆናሉ፣ ፎቶው በጄፔግ ብቻ ከተነሳ ደግሞ በኋላ ለመመለስ ያለው ቦታ ጠባብ ነው። በዚህ ምክንያት ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ስልኩ ወይም ካሜራው የሚፈቅድለት ከሆነ ራው በሚባለው፣ ካሜራው ባላቀነባበረው የፋይል ዓይነት ቢያነሳ ይሻላል፤ በራው ፋይል ላይ የነጭ ሚዛን በኋላ ያለ ጉዳት የሚለወጥ ቁጥር ብቻ ነውና።

ጥቁርና ነጭ

ይህን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ጥቁርና ነጭ የሸራውን ሰማያዊነትም፣ የሁለቱን አምፖሎች ግጭትም በአንድ ጊዜ ያስወግዳል፤ ለወጥነት ከሆነ ከሁሉም ርካሹና ፈጣኑ መንገድ ነው። የሚያስከፍለው ግን ቀለሙ ራሱ ርዕስ የሆነባቸውን ፎቶዎች ነው። የአደይ አበባው ሜዳ ግራጫ ሣር ይሆናል፤ የጥለት ቀይና አረንጓዴም ድምቀታቸው እኩል ከሆነ ተዋሕደው አንድ ግራጫ መስመር ይሆናሉ። ለፊት ግን አንድ ጠቃሚ መሣሪያ ይሰጣል። በጥቁርና ነጭ ቅልቅል ውስጥ የብርቱካኑን መጠን ከፍ ማድረግ በተለይ ጠይም ቆዳን ያደምቃል፣ ነጠላውንና ጀርባውን እምብዛም አይነካም። ሰማዩን በጣም አጥቁሮ ፊትን በጥላ የሚውጠው ድራማዊ መልክ ግን ራሱ ፋሽን መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ቀለም ማጥፋት ከፋሽን አያድንም። ጋለሪው በፊቶችና በቅርጾች ላይ የተመሠረተ ከሆነ ይህን መንገድ ይምረጡ፤ ግማሹን በቀለም፣ ያልተሳካውን ግማሽ በጥቁርና ነጭ መስቀል ግን የከሸፈውን ፎቶ ማጋለጥ ነው።

የራስን ፕሪሴት መሥራት

አራተኛው መንገድ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሁለተኛው ጋር ሲጣመር አብዛኛውን ሰው የሚያገለግለው ይህ ነው። የሚጀመረው በአንድ ፎቶ ምርጫ ነው። የሚመረጠው ፎቶ ምርጡ መሆን የለበትም፤ በተለመደ ብርሃን፣ ለምሳሌ በግድግዳ ጥላ ውስጥ የተነሳ፣ ፊት፣ ነጭ ጨርቅ፣ አረንጓዴ ቅጠልና ጥቁር ነገር በአንድ ላይ ያሉበት ቢሆን ይበቃል። ጀንበር ስትጠልቅ በተነሳ ውብ ፎቶ ላይ የተሠራ ፕሪሴት በሌላው ሁሉ ላይ ይወድቃል።

በዚህ ፎቶ ላይ በመጀመሪያ የካሜራውን ፕሮፋይል አንዱን መርጠው ለሁልጊዜ ይያዙት፤ ቀለማቱ የሚነበቡት በእርሱ በኩል ስለሆነ ፕሮፋይሉ ሲለወጥ ከዚያ በኋላ የሠሩት ሁሉ ይለወጣል። ቀጥሎ ነጩን ያስተካክሉ። ነጠላ ጥሩ ማመሳከሪያ ነው፤ ሆኖም ብዙ የልብስ ሳሙናዎች ነጩን የሚያነጣ ንጥረ ነገር ስላላቸው አዲስ የታጠበ ነጠላ በፀሐይ ላይ ትንሽ ወደ ሰማያዊ እንደሚያደላ መታወቅ አለበት፤ ግራጫ ካርድ ያለው ሰው ካርዱን ቢጠቀም ይመረጣል። ከዚያ ጥቁሩ የት እንደሚቆም ይወስኑ። ጸጉር ውስጥ ዝርዝሩ በጥቂቱ እንዲታይ፣ የጀበናው አፍ ውስጥ ግን ድፍን ጥቁር እንዲሆን ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። ኩርባውን በመጠኑ አጥፈው ብርሃንና ጥላውን ይለዩ።

በመጨረሻ ወደ ቀለም ይግቡ፤ እዚህ ላይ ቁጥብነት ያስፈልጋል። በቀለም ማቀላቀያው ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይንኩ፣ እያንዳንዱንም ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ነጥብ ካለው በላይ አይግፉ። የምትፈተነው ፎቶ አንሺያችን አረንጓዴውን ስምንት ነጥብ ወደ ቢጫ ብታስጠጋና የሰማያዊውን ድምቀት አሥር ነጥብ ብትቀንስ፣ ለሁለቱም የምትሰጠው ምክንያት ሊኖራት ይገባል፦ በአካባቢዋ ያለው ባሕር ዛፍ ካሜራዋ ከሚያሳየው ያነሰ ሰማያዊነት አለው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ከተማ የጠራ ሰማይም ከሁሉ ቀድሞ ዓይን ይስባል። ፋሽንን ከራስ ምርጫ ለመለየት የማውቀው አስተማማኝ ፈተና ይኸው ነው። የማስተካከያው ምክንያት ከሚነሳው ነገር የሚመጣ ከሆነ ይቆይ፤ ብቸኛው ምክንያት ‹‹እንዲህ ሲሆን ያምራል›› ከሆነና ያማረው መጀመሪያ የታየው በሌላ ሰው ገጽ ላይ ከሆነ፣ ወደ ዜሮ ይመለስ።

ሲያስቀምጡ የነጭ ሚዛንንና ኤክስፖዠርን፣ ማለትም የፎቶውን ጠቅላላ ድምቀት፣ ከፕሪሴቱ ውጭ ይተዉ። ከላይ የተነሳው የተገዛው ፕሪሴት ችግር በአብዛኛው በዚህ አንድ ውሳኔ ይወገዳል፤ ሁለቱ በየፎቶው በእጅ ይስተካከላሉ፣ ሌላው ሁሉ አንድ ሆኖ ይቀጥላል። በኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው ዳርክቴብል የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ሁሉ ያደርጋል፤ በስልክ ላይ ስናፕሲድም የራስን መልክ አስቀምጦ በሌላ ፎቶ ላይ መልሶ መጠቀም ያስችላል፣ ምንም እንኳ በቀለም ላይ ያለው ቁጥጥር ከላይትሩም ያነሰ ቢሆንም። የላይትሩምን ወርኃዊ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሚቸግረው ሰው እነዚህ ሁለቱ በቂ ናቸው።

አሁን ሦስቱን ፎቶዎች እንሞክር። በአደይ አበባው ላይ ፕሪሴቱ እንዳለ ያርፋል፤ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ስለተጠጋ ግን አበባና ሣር እንዳይቀላቀሉ ማየት ያስፈልጋል፣ ከተቀላቀሉ ስምንቱ ነጥብ አምስት ይሁን። ለውጡ ግን በፕሪሴቱ ውስጥ ነው መደረግ ያለበት፤ በአንዱ ፎቶ ላይ ብቻ ከተደረገ ወጥነቱ ከዚያ ይጀምራል መፍረስ። በሱቁ ፎቶ ላይ ሁለት ብርሃን ስላለ ሁለቱንም ነጭ ማድረግ አይቻልም። ሚዛኑ በነጋዴው ፊት ላይ ባረፈው ብርሃን፣ ማለትም በኤልኢዲው ይስተካከል፤ ቢጫው አምፖል ቢጫ ሆኖ ይቅር። ርካሽ ኤልኢዲዎች ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ስለሚጨምሩ የቀለም ሚዛኑን በጥቂቱ ወደ ሐምራዊ መሳብ ሊያስፈልግ ይችላል።

በሸራው ሥር ያለው ፎቶ ከሁሉም ይከብዳል። ነጠላዋን ነጭ እስኪሆን ድረስ ሚዛኑን ከገፉት ከሸራው ውጭ ያለው መንገድ ብርቱካን ይሆናል። መፍትሔው የሁለት ደረጃ ሥራ ነው። ጠቅላላ ሚዛኑ እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ ብቻ ይሂድ፤ ከዚያ በፕሮግራሙ ውስጥ ፊቷን ብቻ የሚለይ ማስክ ተሠርቶ የቀረው ሰማያዊነት ይቀነስ። ነጠላዋ ትንሽ ሰማያዊ ሆኖ ቢቀር ችግር የለውም፣ ሸራው በክፈፉ ውስጥ ስለሚታይ ተመልካቹ ምክንያቱን ያውቀዋል። ሸራው ከክፈፉ ውጭ ከሆነ ግን ያው ሰማያዊነት ምክንያት የሌለው ጉድለት ይሆናል፤ ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ ሲያነሱ የሸራውን ጠርዝ ማስገባት ከማንኛውም ማስተካከያ ይበልጣል።

የፊት ቀለም ልክ መሆኑን ዓይን ብቻ አይፈርድም፤ ዓይን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያየውን ሁሉ ይለምዳልና። የቀለም መጠኖችን የሚያሳየውን የላይትሩም ንባብ በጉንጭ ላይ ቢያሳርፉ፣ በጤናማ ጠይም ቆዳ ላይ ቀዩ ከፍተኛ፣ አረንጓዴው መካከለኛ፣ ሰማያዊው ዝቅተኛ ሆኖ ይገኛል፤ ለምሳሌ 60፣ 43 እና 33 በመቶ። ሰማያዊው ወደ አረንጓዴው ተጠግቶ ከተገኘ ፊቱ አመድማ ወይም ሐምራዊ ነው፤ ከአረንጓዴው እጅግ ርቆ ከወረደ ደግሞ ብርቱካን ሆኗል። ቁጥሮቹ ከሰው ሰው ይለያያሉ፣ ቅደም ተከተላቸው ግን አይለወጥም። ይህን ሁሉ ከመጀመር በፊት በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ ያለው የማታ ሞቃት ብርሃን መጥፋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በቢጫ ስክሪን ላይ የተስተካከለ ፎቶ በማግሥቱ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ፎቶውን ከፕሮግራሙ ሲያወጡም ሁልጊዜ sRGB የሚለውን የቀለም መጠን ይምረጡ፤ ሰፋ ባለ የቀለም መጠን የወጣ ፎቶ ፕሮፋይሉን በማያነብ ገጽ ላይ ደብዝዞ ይቀርባል።

ምርጫው በማን ላይ ይወድቃል?

በስልክ ብቻ የሚያነሳና ማስተካከል የማይወድ ሰው ሁለተኛውን መንገድ ይያዝ፤ የነጭ ሚዛኑን ያቁም፣ በዋናው ካሜራ ያንሳ፣ በቀለም ብርሃን ሥር ያነሳውን አይስቀል። ሰዎችን በቤት ውስጥና በምሽት የሚያነሳ ሰው ያለ አራተኛው መንገድ አይሆንለትም። በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ በስልክና በካሜራ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ፕሪሴት መሥራት አለበት፤ ስልኩ ገና ሲያነሳ ጥላውን አንስቶና ሰማዩን አጥቁሮ ስለሚሰጥ፣ አንድ ዓይነት ማስተካከያ በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም።

አንዴ የተሠራው ፕሪሴት ለአንድ ዓመት ያህል ሳይነካ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ በየሳምንቱ የሚሻሻል ከሆነ ጋለሪው የማሻሻያው ታሪክ ይሆናል። ለውጥ የግድ ሲሆን አዲሱን በዓመተ ምሕረት ሰይሞ ከአሮጌው ለይቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ላሉት ብቻ መጠቀምና የቀድሞዎቹን ፎቶዎች በራሳቸው አልበም ውስጥ እንደነበሩ መተው ይሻላል። የቀድሞዎቹን ሁሉ እንደገና ለማስተካከል የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ላይ ያቆማል፤ ጋለሪውም በሁለት መልክ ተከፍሎ ይቀራል።